አለቃ ሲቀልድ ማን ይመልሳል?

በወረዳ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ «አለቃዬ ቀለደብኝ» የሚል ማመልከቻ አይመጣም። የሚመጣው የምዘና ውጤት ቅሬታ ነው። ማክሰኝት ያየሁትን አንዱን ላንሳ።

የአንድ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ወርኃዊ ሪፖርት ይዘገያል። ቡድን መሪው ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ «የእሱን በሰኔ 30 እንጠብቃለን» አለና ቤቱ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ስም «ሰኔ 30» ሆነ። ባልደረቦቹ ከዚያ በፊትም ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን «አንተ ደግሞ የምትፈጥነው አበል ሲኖር ብቻ ነው» እያለ ይመልሳል፣ አብረው ይስቁና ያልፋል። ለአለቃው ምን ብሎ ይመልስ? «አንተ» እየተባለ «እርስዎ» ለሚል ሰው የአጸፋ ቀልድ ከድፍረት ይቆጠራል።

ወደ ላይ የሚላክ ቀልድ በእኛ አገር ሰም ይለብሳል። አለቃ ገብረ ሐና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ገጠሙ በሚባሉት ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ ነገሩን በኅብረ ቃል ሸፍነው ነው የሚያቀርቡት። ወደ ታች የሚወርደው ግን መሸፈን አያስፈልገውም፤ አለቃው ገና ሳይጨርስ የሚስቅለት አለ። ከተማዋ ደግሞ ትንሽ ናት። ሰኞ ጠዋት ቢሮ የተባለው ማታ ቡና ቤት፣ እሑድ ለቅሶ ቤት ይደርሳል።

ጥር ላይ የስድስት ወሩ ምዘና ተሞላ። ሠራተኛው ሥራን በወቅቱ በማጠናቀቅ ዝቅተኛ ነጥብ አገኘና ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለከተ። ኮሚቴው ቡድን መሪውን «በጽሑፍ የሰጡት ግብረ መልስ አለ?» ሲል ጠየቀ። «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል» አለ። ቃለ ጉባኤው ሲገለጥ ግን ስለ ሪፖርቱ የሰፈረ ነገር የለም። ነገርኩት የሚለው ያንኑ ቀልድ ነው። ለመሪው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ሠራተኛው ደግሞ መልስ ሊሰጥበትም ይግባኝ ሊልበትም አልቻለም፣ ምክንያቱም «ጨዋታ» ነበር።

የባሰው፣ ሪፖርቱ ለምን እንደሚዘገይ የጠየቀ አልነበረም። ቀበሌዎች የወጪ ደረሰኙን፣ ሞዴል 22ን፣ ፈርመው በጊዜ አይመልሱም። ያ ሳይመጣ ወጪና ቀሪ አይታረቅም። ሰውዬው ይህን ስብሰባ ላይ ቢያነሳ ቀልድ የማይችል ቁጡ ሊባል ነው፤ ስለዚህ አብሮ ሳቀ። አለቃ በቀለደ ቁጥር የተቀለደበት ሰው አብሮ መሳቁን እንደ ማስረጃ አላይም። የማየው አንድ ቀን እንኳ መልሶ ቀልዶ እንደሚያውቅ ነው።

ኮሚቴው ነጥቡ በድጋሚ እንዲታይ፣ ቀበሌዎችም ደረሰኝ የሚመልሱበት ቀን እንዲቆረጥላቸው ወሰነ። ቡድን መሪው አኩርፎ መሆን አለበት፣ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ቀልድ አቆመ። ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኛው እየመጣ በጆሮዬ ይጠይቀኝ ጀመር፦ «ዝውውር ሊመጣ ነው እንዴ?»