ምግብን ሳይበላሽ ስለ ማቈየት

ምግብ የሚበላሸው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን እየበሉት በውስጡ ስለሚባዙ ነው። እነርሱም ያለ ውሃ ሊባዙ አይችሉም፤ ኮምጣጣ ነገር አብዛኞቹን ያዳክማቸዋል፤ ብርቱ ሙቀትም ይገድላቸዋል። ቋንጣ የሚሰቅል ሰው በመጀመሪያው፥ ቆጮ የሚቀብር በሁለተኛው፥ ምግብን በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ የሚያሽግ ደግሞ በሦስተኛው ምክንያት ይጠቀማል።

አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ 750 ግራም ያህል ውሃ አለበት። በቀጭኑ ተዘልዝሎ፥ ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት፥ ነፋስ ባለበት ሲሰቀል 300 ግራም ያህል ብቻ ይቀራል። የቀረውንም ጥቂት ውሃ ጨው ስለሚይዘው ተሐዋስያኑ አያገኙትም። ዝልዝሉ ወፍራም ከሆነ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና አልደረቀም።

በቆጮ ጕድጓድ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ራሳቸው ተሐዋስያን ናቸው። በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ድንጋይ ሲጫንበት አየር ይርቀዋል፤ ያለ አየር መኖር የሚችሉትም ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም አበስባሾቹን ይከለክላል። ቅጠሉ ተቀዶ አየር ከገባ ሻጋታ ይይዘዋል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ሦስተኛው ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውሃ የመቀቀልን ዘዴ በ1810 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመጽሐፍ ገለጠ። ይሁን እንጂ ቦቱሊኑም የሚባለው ተሐዋሲ ዘሩ በፈላ ውሃ ለብዙ ሰዓት ቢቀቀልም አይሞትም። አየር በሌለበት በታሸገ ባቄላ ወይም ሥጋ ውስጥ በቅሎ ሰውን የሚገድል መርዝ ያወጣል። ዘሩን ለማጥፋት 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ይህም እንፋሎቱ በታፈነበት ጽኑ ድስት ብቻ ይገኛል። በደጋ አገር ነገሩ ይብሳል፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ፥ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፥ ውሃ በ92 ዲግሪ ያህል ይፈላልና፥ እሳት ቢጨምሩበትም ከዚያ አያልፍም።

ቲማቲም ግን ኮምጣጣ ስለ ሆነ ዘሩ አይበቅልበትም። አንዳንዱ ኮምጣጣነቱ የሚያንስ በመሆኑ፥ ለአንድ ሊትር ጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል፤ አሲዱ የተለካ እንዲሆን በፋብሪካ የተዘጋጀው ይሻላል። የተፈጨው ቲማቲም ከነትኩሳቱ ተሞልቶ፥ ጠርሙሱ ከነክዳኑ በውሃ ተውጦ፥ በደጋ 60 ደቂቃ ይፈላል።

ክዳኑ ያበጠ ወይም ሲከፈት የሚፈነጥቅ ጠርሙስ አይቀመስም፤ ለዶሮም አይሰጥም። መርዙ ግን ያለ ሽታና ያለ እብጠትም ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ በፈላ ውሃ ብቻ የታሸገ ባቄላ ወይም ሥጋ መልኩ ቢያምርም አይበላም።