ከአንድ አገር ታሪክ ጋር የተፋጠጠ ንድፈ ሐሳብ፦ የሴራሊዮን ምሳሌ

ዳሮን አሴሞግሉና ጄምስ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ የአገሮችን ሀብትና ድህነት በተቋማት ዓይነት ያስረዳሉ። አካታች ተቋማት ብዙው ሰው በንብረቱና በሥራው ተማምኖ እንዲኖር፣ በሥልጣንም ላይ ድምፅ እንዲኖረው ያደርጋሉ። በዝባዥ ተቋማት ደግሞ የብዙኃኑን ላብ ወደ ጥቂቶች ኪስ ያሻግራሉ። ሁለቱ ምሁራን ተቋማት እንዴት እንደሚመሠረቱና በብልጽግና ላይ ምን እንደሚያስከትሉ ባደረጉት ጥናት ከሳይመን ጆንሰን ጋር በ2024 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ይህን ሐሳብ ይዞ ስለ አንድ አገር ድርሰት የሚጽፍ ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። አገሪቱ ደሃ ስለሆነች ተቋማቷ በዝባዥ ናቸው ይላል፤ መልሶ ደግሞ ተቋማቷ በዝባዥ ስለሆኑ ደሃ ሆነች ይላል። ከዚህ ሽክርክሪት የሚወጣው የድህነቱን መጠን ለጊዜው ትቶ አንድን ተቋም በስም ሲጠራ ነው። ገንዘቡ ከማን ተወሰደ? ለማን ደረሰ? ተጎጂው መከልከል ያልቻለው ለምንድን ነው?

ሴራሊዮን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። እንግሊዞች በ1949 የግብርና ምርት ግዢ ቦርድ አቋቁመው ነበር። ዓላማው ገበሬውን ከዓለም ገበያ የዋጋ መዋዠቅ መጠበቅ ነው ተብሎ ነበር። አገሪቱ በ1961 ነጻ ስትወጣ ቦርዱ ለአዲሶቹ ገዢዎች ተላለፈ። አሴሞግሉና ሮቢንሰን እንደሚጠቅሱት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ የካካዎ ገበሬ ከዓለም ዋጋ 48 በመቶውን ያገኝ ነበር። ፕሬዚዳንት ሲያካ ስቲቨንስ በ1985 ከሥልጣን ሲወርዱ ድርሻው ወደ 19 በመቶ ወርዶ ነበር። ቀሪው ግብር እንኳ ሳይባል ከገበሬው እጅ ወጣ። ዛፉን መንከባከብ ትርፍ የማያመጣለት ገበሬ ደግሞ መትከሉን ይተወዋል፤ በዝባዥነት ምርትን የሚያቀጭጨው በዚህ መንገድ ነው።

ገበሬው ለምን አልከለከለም ለሚለው መልሱ ያለው በፖለቲካው ውስጥ ነው። ስቲቨንስ በ1968 ሥልጣን ሲይዙ የተቃዋሚው ፓርቲ ጠንካራ ድጋፍ በደቡብና በምሥራቅ በሚኖሩት በሜንዴዎች ዘንድ ነበር። ካካዎና ቡና በብዛት የሚበቅለውም በዚያው አካባቢ ነው። በ1978 አገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። መንግሥትን በምርጫ መቅጣት የማይችል ገበሬ ዋጋውን ማስተካከል አይችልም። ንድፈ ሐሳቡ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ተቋማት እርስ በርስ ይደጋገፋሉ የሚለው በተግባር ይህን ይመስላል፤ ድርሰቱም ሁለቱን ካላገናኘ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው።

ከፍሪታውን በቦ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተዘግቶ ተነቀለ። አሴሞግሉና ሮቢንሰን ይህን የተቃዋሚውን አካባቢ ለማዳከም የተወሰደ እርምጃ አድርገው ያቀርባሉ። ማስረጃው ማራኪ ነው፤ ስለዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባቡሩ በኪሳራ ይሠራ ስለነበር ከውጭም እንዲዘጋ ምክር ቀርቦ ነበር። ሐቀኛ ጸሐፊ ሁለቱንም ማብራሪያ ያስቀምጣል። ከዚያም የሚለያያቸውን ምልክት ይፈልጋል፦ ለአካባቢው ምትክ መንገድ ተሠርቶለታል ወይስ ተትቷል? ኪሳራ ብቻ ምክንያት ከሆነ ምትክ መፈለጉ አይቀርም።

በዚያው መንገድ አልማዝንም መመርመር ይቻላል። መንግሥት በ1971 ከእንግሊዙ ኩባንያ 51 በመቶውን ድርሻ ወሰደ። በ1970 ከ2 ሚሊዮን ካራት በላይ የነበረው በይፋ የሚላክ አልማዝ በ1988 ወደ 48,000 ካራት ገደማ ወረደ። ድንጋዩ ከምድር አልጠፋም፤ በኮንትሮባንድ ወጣ እንጂ። «የችግሩ ምንጭ አልማዙ ራሱ ነው» የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ቦትስዋናን ማየት ይጠቅማል። የቦትስዋናው መሪ ሴሬትሴ ካማ የማዕድን መብት ከየጎሳው ወጥቶ የመላው አገር እንዲሆን አድርገዋል። የአልማዙ ገቢም ለትምህርትና ለመንገድ ውሏል። ማዕድኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ ትኩረቱ ወደ ተቋማቱ ይዞራል። ይሁንና ቦትስዋና የሕዝቧ ብዛት አነስተኛ ነው፤ አልማዟም በዋነኛነት በጥልቅ ማዕድን ይወጣል። የሴራሊዮን አልማዝ ግን በወንዝ ዳር ተበትኖ ስለሚገኝ በአካፋና በወንፊት ይለቀማል፤ ለኮንትሮባንድም የተመቸ ነው። ይህ ልዩነት ከተቋማት ውጭ ያለ ምክንያት ስለሆነ በድርሰቱ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ንድፈ ሐሳቡን አጥብቆ የሚፈትነው የቅርቡ ዘመን ነው። በ1991 የተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት በ2002 ካበቃ በኋላ በ2007 እና በ2018 ሥልጣን በምርጫ ወደ ተቃዋሚ ፓርቲ ተሸጋግሯል። የፖለቲካው በር ተከፈተ፤ ብልጽግናው ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም። ለዚህ አንዱ ማብራሪያ የአገረ ገዢዎች ሥርዓት ነው። እንግሊዞች በ1896 ቅኝ ግዛታቸውን ወደ መሃል አገር ካሰፉ በኋላ እውቅና የሰጧቸው ገዢ ቤተሰቦች ብቻ የአካባቢ ሹመት ይይዛሉ፤ ሹመቱም የዕድሜ ልክ ነው። ከላይ ፓርላማ ቢለወጥ፣ በመንደሩ የመሬት ጉዳይ የሚወስነው ያው ሹም ነው። አሴሞግሉና ሮቢንሰን ከትሪስታን ሪድ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ለሹመት የሚወዳደሩ ቤተሰቦች በበዙባቸው ወረዳዎች የትምህርትና የኑሮ ሁኔታ የተሻለ ሆኖ አግኝተዋል።