እንጀራ ሻጩ ለምግብ አሠራር ፈላጊ ሲከፍል

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራ ጋግሮ ቤት ለቤት የሚያደርስ ነጋዴ አለ እንበል። ለጉግል ማስታወቂያ በቀን 20 ዶላር መድቦ፣ injera delivery የሚል ቁልፍ ቃል አስገብቶ ዘመቻውን ከፈተ። አንድ ክሊክ 2 ዶላር ቢፈጅበት በቀን 10 ሰው ገጹን ያያል ማለት ነው። ሳምንት አለፈ፤ ገንዘቡ በየቀኑ ያልቃል፣ ትእዛዝ ግን እምብዛም የለም።

ቁልፍ ቃሉን የጻፈው ነጋዴው ነው። የሚከፍለው ግን ፈላጊዎቹ ለጻፉት ነው። ጉግል ሁለቱን ምን ያህል አራርቆ ማገናኘት እንደሚችል የሚወስነው ማች ታይፕ የሚባለው ምርጫ ነው፤ አጻጻፉም በምልክት ይለያል።

```
injera delivery
"injera delivery"
[injera delivery]
```

ምልክት የሌለው የመጀመሪያው ብሮድ ማች ነው። ነጋዴያችን ያስገባው ይህንን ነው። ጉግል ከቃሉ ጋር ይዛመዳል ብሎ ለገመተው ፍለጋ ሁሉ ማስታወቂያውን ሊያወጣ ይችላል፤ ቃላቱ በፍለጋው ውስጥ መኖራቸው እንኳ ግድ አይደለም። በትእምርተ ጥቅስ የታጠረው ፍሬዝ ማች ነው፤ የቁልፍ ቃሉን ሐሳብ የያዘ ፍለጋ ይፈልጋል፣ ከፊትና ከኋላ ሌላ ቃል ቢጨመርበት ችግር የለውም። በማዕዘን ቅንፍ ያለው ኤግዛክት ማች ደግሞ ከሁሉም ጠባብ ነው። እሱም ቢሆን ከ2018 ወዲህ ሐሳባቸው አንድ ለሆነ የተለያዩ አባባሎች ይወጣል፤ ስለዚህ ስሙ እንደሚለው ቃል በቃል አይደለም። በድሮ መመሪያዎች የምታገኙት የመደመር ምልክት በ2021 ስለቀረ አትድከሙበት።

ነጋዴያችን Search terms የሚለውን ሪፖርት ሲከፍት ነገሩ ይገለጥለታል። injera recipe፣ how to make injera፣ teff flour። ከ10 ክሊኮች 7ቱ እንዲህ ያሉ ቢሆኑ፣ ከ20 ዶላሩ 14ቱ ራሳቸው ሊጋግሩ ለተነሡ ሰዎች ሄደ ማለት ነው። ከእውነተኛ ፈላጊዎች ከአሥር አንዱ የሚያዝ ቢሆን፣ ክሊኩ ሁሉ ትክክለኛ በሆነ ጊዜ አንድ ትእዛዝ 20 ዶላር ይፈጃል። በቀን 3 ትክክለኛ ክሊክ ብቻ ካለ ግን ያው ትእዛዝ ወደ 67 ዶላር ይጠጋል። በዚህ ዋጋ እንጀራ ሸጦ የሚያተርፍ የለም።

ሪፖርቱ ግን ሁሉንም አያሳይም። ከ2020 ጀምሮ ጉግል ጥቂት ሰዎች ብቻ የፈለጉትን ይደብቃል። የተዘረዘሩትን ክሊኮች ደምራችሁ ከዘመቻው ጠቅላላ ክሊክ ጋር ብታስተያዩ፣ ልዩነቱ ሳታዩት የከፈላችሁበት ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ቁልፍ ቃሉን ወደ ፍሬዝና ኤግዛክት ይለውጣል፣ የማይፈልጋቸውን ቃላት ደግሞ ኔጌቲቭ ኪወርድ አድርጎ ያግዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይሄ ላይ ነው። ኔጌቲቭ እንደ ተራው ቁልፍ ቃል ወደ ተመሳሳይ ትርጉም አይሰፋም። recipe ብሎ ያገደ ሰው recipes የሚለውን አላገደም፤ ነጠላውንም ብዙውንም ማስገባት አለበት። how to make ብሎ ያለ ምልክት ካስገባ ደግሞ የሚታገደው ሦስቱም ቃላት ያሉበት ፍለጋ ብቻ ነው፤ homemade injera ያልፋል።

ተቃራኒው ስሕተት ይብሳል። ሰው ከሌላ ሰው የኔጌቲቭ ዝርዝር እንዳለ ይገለብጣል፤ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ free የሚለው ቃል አይጠፋም፣ ነጻ ነገር ፈላጊዎችን ለማባረር ታስቦ ነው። የእንጀራ ነጋዴ እሱን ካስገባ gluten free injera delivery ብሎ የጻፈው ሰው ማስታወቂያውን አያይም። ከንጹሕ ጤፍ ለሚጋግር ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይመጣል? ይህ ጥፋት በሪፖርቱ ላይ እንኳ አይታይም፤ የታገደ ፍለጋ አይመዘገብምና። ስለዚህ ዝርዝሩን ከገዛ ሪፖርታችሁ ቃል በቃል እያያችሁ ሥሩት እላለሁ።

ብሮድ ማች ጭራሽ አይነካም ማለቴ አይደለም። ጉግል ትእዛዝን በትክክል የሚቆጥርበት መንገድ ካለውና ጨረታውን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ፣ ገዢ ለማይመስለው ፍለጋ ዝቅ አድርጎ ይጫረታል። ችግሩ የሚመጣው እንደ ስኬት የተመዘገበለት ነገር ገጹን መክፈት ብቻ ሲሆን ነው፤ ያኔ የአሠራር ፈላጊው ሁሉ ስኬት ሆኖ ይቆጠርና ማሽኑ ብዙ እሱን የመሰሉትን ማምጣት ይጀምራል። ትእዛዝ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ብሮዱን በተለየ ዘመቻ፣ በቀን 5 ዶላር በመሰለ የራሱ በጀት መሞከር ይቻላል፤ የኤግዛክቱን ገንዘብ ስለማይነካ አንድ ትእዛዝ በየዘመቻው ስንት እንደፈጀ ጎን ለጎን ይታያል። የሚያስተዛዝን ትእዛዝ ያመጡ አዳዲስ ፍለጋዎች ከተገኙ እየነቀሉ ወደ ኤግዛክቱ ማዛወር ነው።