ባዶ የቀሩት አምስት ድምፆች

በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም በጃፓን ኪዮቶ ይኖር የነበረው ሐኪምና ገጣሚ ቦንቾ አንድ ግጥም መጨረስ አቃተው። የቸገረው መነሻው ነበር። ሀይኩ በአሥራ ሰባት ድምፆች የሚያልቅ ግጥም ነው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ሆኖ ይከፈላል። ቦንቾ ኋለኞቹን አሥራ ሁለት ድምፆች አግኝቷቸዋል፤ በሌሊት፣ በተከመረ በረዶ ላይ የሚወርድ ዝናብን ይስላሉ። ከፊት የሚቀድሙት አምስቱ ግን የሉም። መምህሩ ማትሱዎ ባሾና የግጥም ጓደኞቹ አንዱን ሐሳብ ሲያነሡ ሌላውን ሲጥሉ ቆዩ። በመጨረሻ ባሾ የአንድ ሰፈር ስም ሰጣቸው፦ ሺሞግዮ። ቦንቾ ልቡ አልተረታም። ባሾም ከዚህ የተሻለ መነሻ ከተገኘ ከዚያ ወዲያ ስለ ግጥም አንድ ቃል እንደማይናገር አስታወቀ።

ይህን የመዘገበው የባሾ ደቀ መዝሙር ኪዮራይ ነው። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1691 «ሳሩሚኖ» በተባለው መድበል ታትሟል፤ መድበሉን ያሰናዱትም ቦንቾና ኪዮራይ ራሳቸው ናቸው። ባሾን ያህል ጥንቁቅ ሰው በአንድ የሰፈር ስም ይህን ያህል የተማመነው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከተመለሰ ሀይኩ እንዴት እንደሚነበብ አብሮ ይገለጣል።

በመጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ድምፆች ለብቻቸው እንያቸው። በረዶ ሲባል በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳው የእኛ አገር በረዶ እንዳይመስለን። የኪዮቶው ያለ ድምፅ ወርዶ መሬቱንና ጣሪያውን የሚያለብስ ነው። በዚያ ላይ ዝናብ መጣል ከጀመረ ብርዱ ትንሽ ላላ ማለት ነው፤ አየሩ ለበረዶ የሚበቃ ቅዝቃዜ የለውም። የተከመረው ነጭ ነገር ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይሟሟል። ዝናቡም ጠንካራ ነገር ስለማያገኝ ድምፁ የታፈነ ነው። ጊዜው ሌሊት ስለሆነ ከሚታየው ይልቅ የሚሰማው ይበልጣል። ይህ ሁሉ በአሥራ ሁለት ድምፆች ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሰው የለበትም፤ የሚሰማውም ማን እንደሆነ አልተነገረም።

ሺሞግዮ የኪዮቶ ታችኛው፣ ደቡባዊው ክፍል ነው። የላይኛው ክፍል ካሚግዮ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ሰፈር ሲሆን፣ በታችኛው ደግሞ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው በተጠጋጉ ቤቶች ይኖር ነበር። አምስቱ ድምፆች ሲገቡ እንግዲህ ግጥሙ በአንድ ጊዜ በሰው ይሞላል። በረዶው አሁን የጣሪያዎች በረዶ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሲደክም ውሎ የተኛ፣ ወይም እሳቱን አዳፍኖ ዝናቡን የሚያዳምጥ ቤተሰብ አለ። የብርዱ መላላት የአየር ጠባይ ወሬ ብቻ መሆኑ ይቀርና ወደ ሰዎቹ ኑሮ ይገባል። ይህን ሁሉ ግን ግጥሙ አንድም ቦታ አልተናገረውም። የሰፈሩ ስም አንድ ወገን ነው፣ የሌሊቱ ዝናብ ሌላ ወገን ነው፤ ሙቀቱን በመካከላቸው ያገኘው አንባቢው ነው።

አንድ ጥሩ የመመርመሪያ ዘዴ አለ፤ ባሾና ጓደኞቹም ያን ዕለት ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ አንዱን ክፍል እያወጡ ሌላ መተካት። በሺሞግዮ ፈንታ የአንድ ተራራ ስም ይግባ እንበል። በረዶና ዝናብ ከተራራ ጋር ሲሄዱ የኖሩ ነገሮች ስለሆኑ ሁለቱ ክፍሎች አንዱን ነገር ደግመው ይናገራሉ፤ አንባቢው የሚሠራው ሥራ የለውም። ካሚግዮ ይግባ ብንል ደግሞ ሥዕሉ ሰፊ ግቢና የተከረከመ ዛፍ ይሆናል፤ ያምራል፣ ግን ይርቃል። ጭራሹን የማይገናኝ ነገር፣ ለምሳሌ የበጋ ፍሬ፣ ቢገባ ወቅቱ ይጋጭና ሥዕሉ ይፈርሳል። የሀይኩ ሁለት ክፍሎች በጣም ከተቀራረቡ ግጥሙ ይሞታል፣ በጣም ከተራራቁም እንቆቅልሽ ይሆናል። ትክክለኛውን ርቀት የሚለካ ደንብ የለም፤ ምትክ እያስገቡ መሞከር ግን ምርጫው ምን እንደሠራ ያሳያል።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ነገር በጃፓንኛ መቁረጫ ቃል ይባላል። በቦንቾ ግጥም ከሰፈሩ ስም ቀጥላ የምትመጣው «ያ» የምትባል አንዲት ድምፅ ናት። ለብቻዋ ይህ ነው የሚባል ፍቺ የላትም። የምትሠራው የፊተኛውን ነገር አቁሞ ማሳየት፣ ሰዋስዉንም ከኋለኛው መለየት ነው። ሰፈሩ በረዶ የሚወርድበት ቦታ መሆኑን በአገባብ አታስርም፤ «በሺሞግዮ» አትልም። ሰፈሩን ታቆመዋለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይመጣል። ለአንባቢው ቦታ የሚከፍትለት ይህ ዝምታ ነው።

እዚህ ላይ በትርጉም የሚያነቡ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ሀይኩ በሌሎች ቋንቋዎች ዘወትር በሦስት መስመር ይጻፋል፤ ስለዚህ ሁለት እረፍት ያለው ይመስላል። በጃፓን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ይጻፋል፤ መቁረጫውም በተለምዶ አንድ ነው። አንባቢው መጠየቅ ያለበት መስመሩ የት አለቀ ብሎ አይደለም፤ አረፍተ ነገሩ የት ተሰበረ፣ ዓይን ከአንዱ ነገር ተነሥቶ ወደ ሌላው የዘለለው የት ላይ ነው ብሎ ነው። ተርጓሚዎች ይህን ቦታ በሰረዝ፣ በሁለት ነጥብ ወይም በቃለ አጋኖ ያሳያሉ። ምልክት በሌለበት ደግሞ የሥዕሉን መዝለል መከታተል ነው።

የባሾ የራሱ ዝነኛ የእንቁራሪት ግጥም ከቦንቾ ግጥም ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ብዙ ያስተምራል። ሺኮ የተባለው ደቀ መዝሙሩ እንደጻፈው እዚያም ቀድሞ የመጣው ኋለኛው ክፍል ነበር፦ እንቁራሪቷ ስትዘልና ውኃው ሲሰማ። ለፊተኛዎቹ አምስት ድምፆች ኪካኩ የተባለ ሌላ ደቀ መዝሙር ያማቡኪ የምትባለውን ቢጫ አበባ ሐሳብ አቀረበ። ኪካኩ ያለ ምክንያት አልተናገረም። በጥንቱ የጃፓን ግጥም እንቁራሪትና ይህች አበባ ለዘመናት አብረው ሲነሡ የኖሩ ናቸው። ያማቡኪ ቢገባ ኖሮ ግጥሙ ያማረ የጸደይ ሥዕል፣ ቢጫ ቀለም ያለበት፣ ለተማረው ሰው የቆየ ግጥም ሁሉ የሚያስታውስ ይሆን ነበር። ባሾ ግን ተራ የሆነ አሮጌ ኩሬ መረጠ፤ ከእሱም ቀጥሎ ያችኑ «ያ» አደረገ።

ይህ ምርጫ ምን አመጣ? አበባዋ ለእንቁራሪቷ የተለመደች ጓደኛ ስለሆነች በሁለቱ መካከል ሊከፈት የሚችለውን ቦታ አስቀድማ ትሞላዋለች። ኩሬው ግን ቀለምም ታሪክም አያቀርብም፤ የቆመ ውኃ ነው። ስለዚህ አንባቢው በመቁረጫው ላይ ሲቆም የሚያገኘው ጸጥታን ነው፣ ድምፁም የሚሰማው ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። በጥንቱ ግጥም እንቁራሪት የምትታወቀው በመዘመሯ ነበር፤ ባሾ ዘፈኗን ትቶ መዝለሏን ወሰደ። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1686 በፉካጋዋ በሚገኘው ጎጆው ከተደረገው የእንቁራሪት ግጥሞች ውድድር በወጣው መድበል ውስጥ ይገኛል። በቦንቾ ግጥም ባሾ የጨመረው ሰውን ሲሆን በራሱ ግን ጌጥን አስወገደ። ሁለቱም ጊዜ የፈለገው አንድ ነው፦ ሌላኛው ክፍል በራሱ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር።

የአማርኛ አንባቢ ወደ ሀይኩ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው አንድ ጠንካራ ልማድ አለ፤ እሱም ሰምና ወርቅ ነው። በቅኔ ያደገ ጆሮ ላዩን ሰም ብሎ ያልፍና ሥሩን ይቆፍራል፤ ኩሬውን ነፍስ፣ እንቁራሪቷን ሰው፣ ውኃውን ሞት ለማድረግ ይቸኩላል። ሀይኩ በዚህ መንገድ ሲነበብ ይጠፋል። ኩሬው ኩሬ ነው፣ ዝናቡም ዝናብ ነው፤ አንዱ ተገፎ የሚጣል፣ ሌላው ከሥር የሚወጣ አይደለም። ሁለቱም እኩል ላይ ተቀምጠዋል፣ ፍቺውም በመካከላቸው ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ስሕተት በመቁረጫው ላይ «እንደ» የምትለዋን ቃል ማስገባት ነው። «ሰፈሩ እንደ በረዶ ጸጥ ያለ» ብሎ የተረዳ ሰው አንዱን ክፍል የሌላው አገልጋይ አድርጎታል። ይህን በራስ ላይ ለማወቅ ቀላል ነው፦ ግጥሙን ከተረጎሙ በኋላ ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ የማያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ንባቡ ስቷል።

ሦስተኛው ስሕተት የገጣሚውን ሕይወት በክፍተቱ ውስጥ መሙላት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው ዮሳ ቡሶን በመኝታ ቤት የሞተች ሚስቱን ማበጠሪያ ስለረገጠ ባል የጻፈው ሀይኩ አለ። ከእግር ሥር የሚሰማው ብርድ እውነተኛ ሐዘን ስለሚመስል ብዙ አንባቢ ቡሶንን ሚስቱ የሞተችበት ሰው ያደርገዋል። ነገር ግን ግጥሙን ሲጽፍ ሚስቱ በሕይወት ነበረች፤ ከእሱም በኋላ ኖራለች። ሐዘኑ የተሠራው በሥዕሉ ነው፦ የሚቀዘቅዝ ነገርና የሞተ ሰው ዕቃ በአንድ እርምጃ ላይ ተገናኝተው።

ይህ ሁሉ ሲባል እያንዳንዱ ሀይኩ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች አሉት ማለት አይደለም። ኪዮራይ እንደመዘገበው ባሾ ለአንዱ ደቀ መዝሙር ግጥም ነገርን ከነገር ማጋጠም ነው ሲለው፣ ለሌላው ደግሞ እንደተቀጠቀጠ ወርቅ ያለ ስፌት መዘርጋት አለበት ብሎታል። አንድ ነገር ብቻ ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈሱ ሀይኩዎችም አሉ። በነዚህ መቁረጫው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ይመጣል፤ «ካና» እና «ኬሪ» የሚባሉት ቃላት የሚውሉት በዚያ ነው። አንባቢውን ወደ ሌላ ሥዕል አያዘልሉትም፤ ግጥሙ ካለቀ በኋላ ወደ ራሱ መልሰው ሙሉውን አንድ ጊዜ እንዲያየው ያደርጉታል። የቀደሙት መምህራን መቁረጫ ቃላትን ቆጥረው አሥራ ስምንት ብለው ሲያስተምሩ፣ ባሾ ግን በትክክል ከዋለ ማንኛውም የጃፓንኛ ፊደል መቁረጫ ሊሆን እንደሚችል፣ በትክክል ካልዋለ ግን አንዱም እንደማይሆን ተናግሯል። ስለዚህ ግጥሙን የያዘ ሰው «ያ»ን ፈልጎ ቢያጣ ሁለተኛ ሥዕል በግድ ማውጣት የለበትም፤ ግጥሙን ጮክ ብሎ አንብቦ ትንፋሹ የት እንደቆመ ያዳምጥ፣ ከመጨረሻው በፊት የትም ካልቆመም እንደ አንድ ሥዕል ይያዘው።