ውሉ ቢያልቅም መረጃው ይቀራል

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እናስብ። የታካሚዎቹን ስም፣ ስልክ፣ የሕክምና ታሪክና የራጅ ምስል የሚያስቀምጠው በየወሩ በሚከፍልበት የኢንተርኔት ሶፍትዌር ላይ ነው። ፋይሎቹ ያሉት ጀርመን በሚገኘው የሶፍትዌር አቅራቢው ሰርቨር ውስጥ ነው። ክሊኒኩ አሁን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሊዛወር ወስኗል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ክፍያውን አቁሞ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የሚቆመው ግን ክፍያው ብቻ ነው፤ የታካሚዎቹ መረጃ ከነበረበት አልተነሣም።

መጀመሪያ የሚታየው ውሉ ነው። ውሉ ሐምሌ 1 በራሱ የሚታደስና የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ደብዳቤው እስከ ሰኔ 1 መድረስ አለበት። አንድ ቀን ቢያልፍ የሌላ ዓመት ክፍያ ሊመጣ ይችላል። ከውሉ ጋር የተያያዘ የዳታ አያያዝ ስምምነት ካለ ደግሞ አገልግሎቱ ሲያበቃ መረጃው ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ መፈለግ ያስፈልጋል። አቅራቢው ጀርመን ስለሆነ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ ይመለከተዋል። የደንቡ አንቀጽ 28 እንዲህ ያለው ስምምነት ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል። አገልግሎቱ ሲያበቃ አቅራቢው መረጃውን እንዲመልስ ወይም እንዲያጠፋ የሚመርጠው ደንበኛው ነው፤ ሕግ እንዲቆይ ካላስገደደ በቀር የቀሩት ቅጂዎችም መጥፋት አለባቸው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለታካሚዎቹ ተጠያቂው ሶፍትዌሩን ያከራየው ድርጅት ብቻ አይደለም፤ መረጃውን የሰበሰበው ክሊኒኩም ነው።

ከዚያ የሚመጣው መረጃውን መረከብ ሲሆን፣ ይህ አካውንቱ ሳይዘጋ መጠናቀቅ አለበት። ክሊኒኩ Export የሚለውን ተጭኖ የታካሚዎቹን ዝርዝር በCSV ፋይል አወረደ እንበል። ሶፍትዌሩ 3,200 ታካሚ እንዳለ ያሳያል፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉት ግን 3,140 ናቸው። የጎደሉት 60 ሰዎች ለረጅም ጊዜ ስላልመጡ ወደ ማኅደር የተዛወሩ ናቸው፤ ለብቻቸው ካልተጠየቁ አይወጡም። የራጅ ምስሎቹም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ያለው የፋይሎቹ ስም ብቻ ነው። ምስሎቹን፣ እያንዳንዱ የየትኛው ታካሚ እንደሆነ ከሚያሳይ መለያ ቁጥር ጋር፣ በጽሑፍ መጠየቅ ግድ ይላል።

ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት ሌላ ችግር ሊታይ ይችላል። በ09 የሚጀምረው ስልክ ቁጥር የፊት ዜሮውን ያጣል፤ የአማርኛው ስም ደግሞ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፋይሉ አይደለም፣ የአከፋፈቱ ነው። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ በ Data ሥር From Text/CSV የሚለውን ተጠቅሞ 65001: Unicode (UTF-8) መምረጥና የስልኩን ዓምድ Text ማድረግ ያስተካክለዋል። ከዚያም ከአሮጌዎቹም ከአዲሶቹም ጥቂት ታካሚዎችን መርጦ በሶፍትዌሩ ካለው ጋር ጎን ለጎን ማመሳከር ይገባል። ከተቻለ መረጃው ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ገብቶ እስኪሠራ ድረስ አሮጌው ባይዘጋ ይመረጣል።

ርክክቡ ሲረጋገጥ የማጥፋቱ ጥያቄ ይላካል። «መረጃችንን አጥፉልን» ብቻ ማለት አይበቃም፤ «አጥፍተናል» የሚለው መልስ የሚሠራበትን ዳታቤዝ ብቻ ሊመለከት ይችላልና። መጠባበቂያ ቅጂው ውስጥ ያለው መረጃ እዚያው ይቆያል። ከአንድ መጠባበቂያ የአንድን ደንበኛ መረጃ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብዙ አቅራቢዎች ቅጂው ጊዜው ደርሶ በአዲስ እስኪተካ ይጠብቃሉ። አቅራቢው መረጃውን ነሐሴ 1 ቢያጠፋና መጠባበቂያውን ለ90 ቀን ቢያቆይ፣ የታካሚዎቹ ፋይል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ አለ ማለት ነው። ይህ በራሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ቀኑ ግን መታወቅ አለበት። በመካከሉ ሰርቨሩ ተበላሽቶ ከመጠባበቂያው ቢመለስ፣ የጠፋው መረጃ አብሮ ስለሚመለስ እንደገና እንደሚጠፋም ቃል ማስገባት ይገባል።

ስለዚህ የማረጋገጫው ደብዳቤ የተወሰኑ ነገሮችን መያዝ አለበት፦ የትኛው አካውንት እንደጠፋ፣ በምን ቀን፣ መጠባበቂያው መቼ እንደሚያበቃ፣ አቅራቢው ራሱ የሚጠቀምባቸው ሌሎች ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ለታካሚ አጭር መልእክት የሚልከው፣ ያጠፉ መሆኑን፣ እንዲሁም ምን እንደቀረና በየትኛው ሕግ። ለክሊኒኩ የተቆረጠ ደረሰኝ ለግብር ሲባል ቢቆይ ምክንያት አለው፤ የታካሚ ራጅ ግን በዚያ ምክንያት ሊቆይ አይችልም። «በፖሊሲያችን መሠረት ይስተናገዳል» የሚል መልስ ቀንም ወሰንም ስለሌለው ማረጋገጫ አይባልም።

ክሊኒኩ ደብዳቤውን ከውሉ ጋር አስቀምጦ፣ የመጠባበቂያው ቀን ሲደርስ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል። ከዓመት በኋላ አንድ ታካሚ «የቀድሞው ድርጅት ዘንድ ያለው ፋይሌስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ክሊኒኩ በእርግጠኝነት ሊመልስ የሚችለው በዚህ ወረቀት ነው።