ዩሪያ ተጨምሮ አቀንጭራ ሲበዛ፦ ያልተጠበቀ ውጤት በውይይት ክፍል እንዴት ይጻፋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ በሚዘረጋው የይፋት ቆላ፣ ማሽላ ዋነኛ እህል እንደመሆኑ ከማሽላ ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃና ምግብ የሚስበው ጥገኛ አረም አቀንጭራም በገበሬውም በተመራማሪውም ዘንድ በሚገባ ይታወቃል። የአቀንጭራ ዘር ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ሲሆን አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚበቅለውም የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የተባሉ ኬሚካሎችን ሲያመነጭና የመጥሪያ ምልክቱ ሲደርሰው ነው። ማሽላው ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ሲያጥረው እነዚህን ኬሚካሎች አብዝቶ ስለሚያመነጭ፣ በተራበ አፈር ላይ አቀንጭራ ይበረታል፤ ናይትሮጅን ሲጨመር ደግሞ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ለማሳያ ያህል በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሊደረግ የሚችል ሙከራ በሐሳብ እንመልከት። የሙከራ መደቦቹ ግማሹ ዩሪያ እንዲያገኙ ግማሹ ደግሞ እንዳያገኙ በዕጣ ተመድበው፣ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ፣ ማለትም 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ሲቆጠር ግን የማሽላው ምርት ጨምሮ ሳለ፣ ከመሬት በላይ የወጣው አቀንጭራ ዩሪያ ባገኙት መደቦች በዝቶ ይገኛል። ተመራማሪው የጥናት ጽሑፉን የውይይት ክፍል፣ ማለትም የውጤቱ ትርጉም የሚብራራበትን ክፍል ለመጻፍ ሲቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ውጤቱን በዝናብና በአፈር ልዩነት አሳብቦ ያልፈዋል፤ ወይ ደግሞ በመጀመሪያ የመጣለትን ማብራሪያ እንደተረጋገጠ እውነት አድርጎ ያሰፍረዋል።

እዚህ ላይ መለየት ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ለውጡን ያመጣው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በምን መንገድ አመጣው የሚል ነው። መደቦቹ በዕጣ የተመደቡና ሙከራው በበቂ ድግግሞሽ የተሠራ ከሆነ፣ ተመራማሪው «በዚህ ማሳና በዚህ ወቅት ዩሪያ መጨመር የወጣውን የአቀንጭራ ቁጥር አበዛ» ብሎ ያለ ፍርሃት መጻፍ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ቦታ «ሊሆን ይችላል» እያሉ መለማመጥ ጥንቃቄ ሳይሆን ድፍረት ማጣት ነው። ዕጣው ግን የሚመሰክረው ስለ ዩሪያው እንጂ ዩሪያው ከአፈር በታች ስለሠራው ሥራ አይደለም። መረጃው የተሰበሰበው ከገበሬዎች ማሳ በመጠይቅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የመጀመሪያውም ዓረፍተ ነገር አይጸናም ነበር፤ ምክንያቱም ዩሪያ የሚገዛው ገበሬ አስቀድሞ አቀንጭራ ያስቸገረውን ማሳ መርጦ ዩሪያውን እዚያ ላይ በትኖት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጻፍ የሚቻለው የሁለቱን አብሮ መታየት፣ ማለትም ተዛምዶን ብቻ ነው።

መንገዱን በተመለከተ ቢያንስ ሦስት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ በጣም የተራበ ማሽላ ጥቂት ናይትሮጅን ሲያገኝ ሥሩ ስለሚበዛ፣ እያንዳንዱ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ቢቀንስ እንኳ ዘሩ ከሥር ጋር የሚገናኝበት ዕድል ይሰፋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባልተዳበረው መደብ የቀጨጨው ማሽላ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን አቀንጭራ መመገብ ስላቃተው አብዛኛው ከመሬት ሳይወጣ ሞተ፣ በዳበረው ግን ተርፎ ወጣ ይላል። ሦስተኛው ዩሪያው ዘግይቶ መጣ የሚል ነው፤ ማሽላው ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ብዙው አቀንጭራ በቅሎ ተጣብቋልና።

እነዚህን ሦስቱን ከነምንጫቸው ደርድሮ መሄድ ውይይት አይባልም። የውይይቱ ሥራ እያንዳንዱ ማብራሪያ እውነት ቢሆን ከታየው ውጤት ሌላ ምን መታየት እንደነበረበት መጠየቅ ነው። የሥሩ መብዛት ምክንያት ከሆነ፣ ከዩሪያው በኋላ ጥቂት ማሽላ ተነቅሎ ሥሩ ሲታጠብ በዳበረው መደብ የተጣበቀው አቀንጭራ መብዛት አለበት፤ ምክንያቱ ከመሬት በታች መሞት ከሆነ ግን በሁለቱም መደቦች የተጣበቀው ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ የሚለያየው የወጣው ብቻ ይሆናል። የዩሪያው መዘግየት ሲመረመር ደግሞ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል፤ አቀንጭራው ለምን እንዳልቀነሰ ያስረዳል እንጂ ለምን እንደበዛ አያስረዳም፤ ስለዚህ ብቻውን ሊቆም አይችልም። በመጽሔቶች የሚታተሙ ብዙ ውይይቶች ይህን ዓይነቱን ቀላል ማጣሪያ አለማድረጋቸው ይገርማል።

ሥር ሳይታጠብ ሙከራው ካለቀ፣ ጽሑፉ በግምት እንዲህ ሊል ይገባል፦ «ዩሪያ በተጨመረባቸው መደቦች የወጣው አቀንጭራ በዝቷል። ይህ በሥር መብዛት ወይም ከመሬት በታች ባለ የአቀንጭራ ሞት መቀነስ ሊመጣ ይችላል፤ የተቆጠረው የወጣው ብቻ ስለሆነ ይህ ጥናት ሁለቱን መለየት አይችልም።» «ዩሪያ ሥሩን በማብዛት አቀንጭራን አባዛ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ያልተለካ ነገር እንደተለካ አድርጎ ያስነብባል። በተጨማሪም የአቀንጭራ ዘር በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ እዚህ ክምር እዚያ ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ፣ መደቦቹ ጥቂት ከሆኑ ዕጣው ራሱ ዘር የበዛበትን ቦታ ለአንደኛው ወገን ሊሰጥ ይችላል፤ ከመዝራት በፊት የአፈር ናሙና ተወስዶ ዘሩ ካልተቆጠረ ይህም መጻፍ ይኖርበታል።

እንዲህ ያሉ ተፎካካሪ ማብራሪያዎች በተግባር እንዴት እንደሚለዩ የሚያሳይ ሥራ በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው ምቢታ ተሠርቷል። በዚያ ባለው የዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ጣቢያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል በበቆሎ መካከል የዘሩት አገዳ ቆርቁርን ለማራቅ ነበር፤ ያልጠበቁት ግን አቀንጭራውም መቀነሱን ነው። ዴስሞዲየም ጥራጥሬ በመሆኑ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ መሬቱንም ያጠላል፣ ከሥሩም ኬሚካል ሊያወጣ ይችላል፤ ሦስቱም ማብራሪያ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። የማዕከሉ ዘያኡር ካንና ባልደረቦቹ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት በዴስሞዲየም ማሰሮ ውስጥ ያለፈውን ውኃ አቀንጭራ ለተዘራበት በቆሎ አጠጡት፤ ጥላው ሳይኖር አቀንጭራው በእጅጉ ቀነሰ። ጥላና ናይትሮጅን የራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከሥሩ የሚወጣው ኬሚካል መሆኑን የጻፉት ከዚህ በኋላ ነው።

የማሽላ ዝርያዎች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን ያወጡት በሥሮቻቸው የአቀንጭራን ዘር በትንሹ የሚቀሰቅሱትን በመምረጥ ሲሆን፣ ባሕርዩም «አነስተኛ ቀስቃሽ» ተብሎ ተሰየመ። በ2017 በታተመ ጥናት ዘረመሉ ሲገኝ ግን ዋናው ልዩነት በመጠን ሳይሆን በዓይነት መሆኑ ታየ፤ ተክሉ በአንዱ ስትራይጎላክቶን ምትክ ዘሩን ደካማ አድርጎ የሚቀሰቅሰውን ሌላውን በብዛት ያመነጫል። ዝርያዎቹ በማሳ ላይ መሥራታቸው ለዓመታት እርግጥ ነበር፤ የሚሠሩበት መንገድ ግን ከስያሜው የተለየ ሆነ።

በይፋት ቆላ የማሽላ ሙከራ የሚያካሂድ ተመራማሪ ወይም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከመዝራቱ በፊት ከየመደቡ የአፈር ናሙና ቢወስድና በየመደቡ ዳር አንድ መስመር ለሥር ማጠቢያ ቢተው፣ የውይይት ክፍሉ ላይ ሦስት ማብራሪያ ይዞ ከመቸገር ይድናል። ያን ሳያደርግ ከቀረ፣ የትኛውን መለየት እንዳልቻለ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።