መሪው ሲንቀጠቀጥና ጎማው ሲበላ

«ጋሼ፣ አላይመንት ይሥሩልኝ» አለ ዮናስ፣ ከቪትዟ እንደወረደ።

ጋሽ ታደሰ የያዙትን ጎማ ግድግዳው ላይ አስደግፈው መኪናዋን ዞር ብለው አዩ። ቃሊቲ መንገድ ዳር ካለው ጎሚስታ ቤታቸው ደጃፍ ይህን ቃል በየቀኑ ይሰማሉ። መኪናው የሚንቀጠቀጠውም፣ ጎማው የሚበላውም፣ መሪው የሚጣመመውም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አላይመንት ነው።

«አላይመንት እንደሚያስፈልግህ ማን ነገረህ?»

«መሪው ይንቀጠቀጣላ! አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ 80 ሲያልፍ እጄን ያርገፈግፈዋል። ከሳምንት በፊት ሌላ ቦታ አላይመንት አሠርቼ ነበር፤ ምንም ለውጥ የለውም።»

«ከተማ ውስጥስ?»

«ከተማ ውስጥ ሰላም ነው።»

«ፍሬን ስትይዝ ብቻ ነው ወይስ ዝም ብለህ ስትነዳም?»

«ዝም ብዬ ስነዳም።»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ንዝረት ብዙውን ጊዜ ከፍሬን ዲስክ ነው፤ ጎማውን ቢነካኩት አይድንም። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የሚመጣና ፍሬን ሳይያዝም የሚኖር ንዝረት ግን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ባላንስን ነው። መሪው ላይ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ፣ ወንበሩ ላይ ከተሰማ ደግሞ የኋላ ጎማ ነው።

ጋሽ ታደሰ ግራውን የፊት ጎማ ፈትተው ጀርባውን አዩት። ቸርኬው ውስጥ ጭቃ ደርቋል። ጠርዙ ላይ ደግሞ አቧራ ያልነካው ጣት የምታህል ንጹሕ ቦታ አለች።

«ይቺን አየሃት? እርሳስ የነበረባት ቦታ ናት። ወድቃለች።»

ጭቃውን አራግፈው ጎማውን ባላንስ ማሽኑ ላይ አሰሩት። ማሽኑ አሽከርክሮት ሲቆም ሁለት ቁጥር አወጣ፤ በውስጥ በኩል 30፣ በውጭ በኩል 10።

«30 ግራም? ለዚህች ነው መኪናው እንዲህ የሚሆነው?» ዮናስ ሳቀ።

«ቆሞ ሲመዘን 30 ግራም ነው። ሲሽከረከር ግን ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

የቪትዝ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ የ30 ግራም ልዩነት ጎማውን ወደ ውጭ የሚስበው በ3 ኪሎ ክብደት ያህል ጉልበት ነው። አቅጣጫው ከጎማው ጋር ስለሚዞር ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይገፋል። የዮናስ እጅ ላይ የሚደርሰው ይህ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ40 አንድ ኪሎም አይሞላም። ከተማ ውስጥ ሰላም የሆነው ለዚህ ነው።

ጋሽ ታደሰ ማሽኑ ባሳየው ቦታ በውስጥም በውጭም እርሳስ መትተው እንደገና አሽከረከሩት። ሁለቱም ቁጥር 0 ሆነ። የቀረቱን ሦስት ጎማዎችም በየተራ አዩ።

«ባላንስ ይኸው ነው። አንድ ጎማ ብቻውን ክብደቱ ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ማድረግ። መኪናው ባይኖርም ይሠራል፤ ጎማውን ይዘህልኝ በታክሲ ብትመጣም እሠራልሃለሁ።»

«ታዲያ አላይመንቱ ለምን አልሠራም?»

«አላይመንት ሌላ ነገር ነዋ። ና፣ እጅህን ስጠኝ።»

የዮናስን መዳፍ ይዘው በፊት ጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሹት። ለስላሳ ነበር። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመልሱት ግን የየጥርሱ ጠርዝ እንደ ስለት ያዘው። ውስጠኛው ጎን ከውጨኛው ይልቅ አልቋል። ቀኙም ተመሳሳይ ነው።

«መሪውስ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል?»

«አይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ጉድጓድ ከገባሁ ወዲህ ነው።»

«ይኼ ነው እንግዲህ የአላይመንት ምልክት። ጎማዎችህ ወደ ፊት ሲሄዱ ፊታቸውን ወደ ውጭ ከፍተዋል። እግሩን ከፍቶ የሚራመድ ሰው የጫማውን አንድ ጎን እንደሚጨርስ ማለት ነው።»

አላይመንት የአንዱን ጎማ ክብደት አይነካም፤ ጎማዎቹ እርስ በርስና ከመኪናው አካል ጋር ያላቸውን አቅጣጫ ያስተካክላል። የሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ርቀት በፊት በኩል ከኋላው በ6 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ለዓይን አይታይም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጎማ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዞሯል ማለት ነው። እንዲህ የዞረ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ 8 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ነው የሚሄደው። ይህ መሪን አያንቀጠቅጥም፤ ዝም ብሎ ጎማ ይበላል።

«ባለፈው ግን ተስተካክሎልኝ ነበር እኮ» አለ ዮናስ።

ጋሽ ታደሰ መልስ አልሰጡም። መኪናዋን በክሪክ አንስተው የቀኙን ጎማ ግራና ቀኙን ይዘው ወዘወዙት። ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የታይሮዱ ጫፍ ላልቷል።

«አላይመንት የሚስተካከለው በዚህ ዘንግ ነው። ጫፉ ላልቶ እያለ ማሽን ላይ ቁጥሩን ብታስተካክለው፣ ከበሩ ወጥተህ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይበላሻል። ሥራው ተሠርቷል፤ ግን የሚይዘው ነገር አልነበረም።»

የላላው ጫፍ ተቀየረ፤ የአራቱም ጎማ ንፋስ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ተሞላ። የንፋስ ልዩነት ብቻውን መኪናን ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ስለሚችል ይህ ከማሽኑ በፊት ይቀድማል። ከዚያ መኪናዋ አላይመንት ማሽኑ ላይ ወጣች። መሪው ቀጥ ተደርጎ ታሰረ፤ የግራና የቀኝ ዘንጎች ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፋብሪካው ልክ ውስጥ እስኪገባ ጥቂት በጥቂት ተዞሩ፤ እንደገናም ጠበቁ።

«የኋላውስ?»

«ያንተ መኪና የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ የሚዞር ማስተካከያ የላቸውም። ልካቸውን ማየት ይቻላል። ከልክ ከወጡ የተጣመመ ወይም ያረጀ ዕቃ ይፈለጋል።»

«የተበላው ጎማስ ይመለሳል?»

«የሄደ ጎማ አይመለስም። ከዚህ በኋላ ግን እንደ ድሮው አይበላም። በየጊዜው እጅህን እያሻሸህ እየው።»

ዮናስ በማግስቱ ከአዳማ ሲደውል መሪው በ100 ላይ እንኳ ጸጥ እንዳለ ነገራቸው።

እርስዎም ጎሚስታ ወይም ጋራዥ ሲሄዱ ሥራውን በስሙ ከማዘዝ ይልቅ ምልክቱን ይናገሩ፤ በስንት ፍጥነት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የጎማው የትኛው ጎን እንደተበላ፣ መሪው ቀጥ እንደሚል። ጎማ ሲቀየር ወይም ሲጠገን ባላንስ ያሠሩ። ከባድ ጉድጓድ ከገቡ ወይም የመሪ ዕቃ ከቀየሩ አላይመንት ያስለኩ። ከአላይመንት በፊት ግን የላላ ዕቃ እንደሌለ ዓይንዎ እያየ ያስፈትሹ፤ ያለዚያ የከፈሉት ገንዘብ የሚቆየው እስከሚቀጥለው ጉድጓድ ብቻ ነው።